ሃምሳው ዴስክ የማን ነው? ገቢ መቼ ነው ገቢ የሚሆነው

(ደሴ ላይ ለአነስተኛ አምራቾችና ለሂሳብ ሠራተኞች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ከፊት የተቀመጣችሁት ባለ ወርክሾፖች ናችሁ መሰለኝ። ከኋላ ጥግ ይዛችሁ የተቀመጣችሁት ደግሞ የሂሳብ ሠራተኞች። ይኼ አቀማመጥ አይገርመኝም። በዓመት አንዴ፣ ሰኔ ሲያልቅ ነው የምትገናኙት። ያኔም ተኳርፋችሁ።

ባቲ ሰኞ ገበያ ወርዶ ፍየል የሚሸጥ ሰው የዛሬው ወሬዬ ብዙም አይመለከተውም። ፍየሏ ከነገመዷ ወደ ገዢው ትሄዳለች፣ ብሩ ወደ ሻጩ ይመጣል፣ አለቀ። ብሩ በገባበት ቀን ጻፈው፣ ፍየሏ በሄደችበት ቀን ጻፈው፣ ቀኑ ያው ሰኞ ነው። ጣጣው የሚጀምረው ብሩ አንድ ቀን፣ ዕቃው ሌላ ቀን ሲሆን ነው። በሁለቱ ቀኖች መሐል ሰኔ 30 ከገባበትማ አበቃ። የሂሳብ ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ ሽያጩ የአምናው ነው ወይስ የዘንድሮው የሚል ክርክር ይነሳል።

ክርክሩን የሚፈቱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ካሽ ቤዝስ የምንለው ነው። ብር ሲገባ ገቢ፣ ብር ሲወጣ ወጪ ብሎ ይጽፋል። ሌላ ነገር አይጠይቅም። ሁለተኛው አክሩዋል ነው። መጻሕፍት ላይ የተለያየ የአማርኛ ስም ይሰጡታል፣ ቢሮ ውስጥ ግን ሁላችንም አክሩዋል ነው የምንለው። እሱ ብሩን አይጠብቅም። የተስማማህበትን ነገር ለደንበኛው ያስረከብክበትን ቀን ይጠብቃል። ወጪውንም የሚጽፈው ያ ወጪ ካመጣው ገቢ ጋር አጣምሮ ነው።

ትርጉሙ ይኼው ነው። አሁን ወደ ዴስኮቹ ልውሰዳችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ የእንጨትና የብረታ ብረት ወርክሾፕ ያላቸው አንድ ጋሼ ሂሳባቸውን እንድሠራላቸው ጠሩኝ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት እንዲመቸኝ አጠጋግቻቸዋለሁ፣ ነገሩ ግን እንደ ነበረ ነው። ግንቦት 12 ቀን 200 የተማሪ ዴስክ ለመሥራት ውል ፈረሙ። የአንዱ ዋጋ 4,000 ብር ነው፣ ጠቅላላው 800,000 ብር። ቫቱን ለጊዜው እርሱት። ያ 15 በመቶ በእኛ እጅ ያልፋል እንጂ የእኛ ገቢ አይደለም፣ የሚታወቅበት ጊዜም የራሱ ሕግ አለው። ውሉ ሲፈረም 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ፣ 240,000 ብር ባንካቸው ገባ። ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ አለች፤ በየርክክቡ ከሚከፈለው ላይ 30 በመቶው ለቅድሚያ ክፍያው ማካካሻ ይቀነሳል ትላለች። ይህችን አንቀጽ ያዙልኝ።

አንድ ዴስክ ተሠርቶ እስኪያልቅ ቱቦላሬው፣ ጣውላው፣ ቀለሙና የእጅ ዋጋው ተደምሮ 3,000 ብር ይፈጃል። ጋሼ እስከ ሰኔ 30 ድረስ 170 ዴስክ ሠርተው ጨረሱ። ለዚህ የወጣው 510,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 130,000 ብሩ ቱቦላሬ ከነጋዴ በዱቤ የወሰዱት ነው፣ ሐምሌ ላይ የሚከፈል። የቀረውን 380,000 ብር በእጃቸው ከፍለዋል። ቅድሚያ ክፍያው ስላልበቃ 140,000 ብሩን ከእቁባቸው ጨመሩ።

ከ170ው ውስጥ 120ው ሰኔ 24 ለትምህርት ቤቶች ደረሰ። የቴክኒክ ኮሚቴው አይቶ ተረከበ፣ ንብረት ክፍሉ የዕቃ መረከቢያ ሰነዱን፣ ሞዴል 19ን፣ ቆረጠ። 50ው ተሠርቶ ቀለሙ ደርቆ ግቢ ውስጥ ተደርድሯል። የሚሄደው ወደ ኩታበር በኩል ነበር። የቀሩት 30 ገና አልተጀመሩም።

እንግዲህ የዓመቱ ትርፍ ስንት ነው?

የወርክሾፑ መዝገብ ያዥ በካሽ ቤዝስ ሠርታ ጠበቀችኝ። የገባ 240,000፣ የወጣ 380,000። ኪሳራ 140,000 ብር። ጋሼ ደረታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ ስንት ሌሊት ሠርተን፣ ዴስክ አስረክበን፣ እንዴት ነው የከሰርነው?» አሉኝ።

መልሱ አልከሰሩም ነው። በአክሩዋል ስንሠራው የተረከቡልን 120 ዴስኮች ናቸው። 120 በ4,000፣ ገቢው 480,000 ብር። የእነዚህ የ120ዎቹ ብቻ ወጪ 360,000 ብር። ትርፍ 120,000 ብር። ያልተረከቡት የ50ዎቹ ወጪ፣ 150,000 ብር፣ ወጪ ተብሎ አይጻፍም። ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚታይ ንብረት ስለሆነ ክምችት ተብሎ ይቀመጣል። ተሸጦ ሲሄድ ያኔ ወጪ ይሆናል።

ጋሼ ይኼን ስነግራቸው ይባስ ብለው ተቆጡ። «ወላሂ 120,000 አትርፌ ከሆነ አሳየኝ! የት አለ? ኪሴ ውስጥ የለም፣ ባንክ ውስጥ የለም!»

ይኼ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ሊሳቅበት አይገባም። ኋላ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ ባለቤቱ እንዲህ ሲላችሁ «አክሩዋል ስለሆነ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ትርፉ ያለበትን ቦታ አንድ በአንድ አሳዩት። እኔ ቁጭ ብዬ እንዲህ አሳየኋቸው። ለተረከቡት 120 ዴስኮች ከሚከፈለው 480,000 ላይ በውሉ መሠረት 30 በመቶው፣ 144,000 ብር፣ ቀድሞ የበሉት ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤቶቹ ገና የሚመጣ 336,000 ብር አለ፤ ይኼ ተሰብሳቢ ነው። ግቢ ውስጥ የቆመ 150,000 ብር አለ። በሌላ በኩል የቱቦላሬው ነጋዴ የሚጠብቀው 130,000 ብር አለ። ከቅድሚያ ክፍያውም ገና ያልሠሩበት 96,000 ብር አለ፣ እሱም ዕዳ ነው። ከእቁብ ያወጡት 140,000ም አለ።

ሁለቱ ሲደመሩ 486,000። ሦስቱ ሲደመሩ 366,000። ልዩነቱ 120,000 ብር። ትርፉ ያለው እዚያ ነው። ሰው እጅ ላይና ግቢ ውስጥ እንጂ ኪስ ውስጥ አይደለም። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ በራሳቸው ደመሩት። ነጋዴ ናቸውና ድምሩ እኩል ሲመጣላቸው ዝም አሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚሆን እዩ። በካሽ ቤዝስ ቀሪው 560,000 ብር ይገባል፣ የዱቤው 130,000ና የ30ዎቹ ዴስክ ወጪ 90,000 ይወጣል፤ ትርፍ 340,000 ይላል። በአክሩዋል የ80 ዴስክ ገቢ 320,000፣ ወጪው 240,000፣ ትርፍ 80,000። በሁለቱም መንገድ የሁለት ዓመቱ ድምር 200,000 ነው። ብሩ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የተለየው ለየትኛው ዓመት እንደተሰጠ ነው። ግን አስቡት፤ በካሽ ቤዝስ መዝገብ ሰውየው አንድ ዓመት ከስሮ በሚቀጥለው ዓመት የበለጸገ ይመስላል። ሁለቱም ውሸት ናቸው። ባንክ ብድር ሊጠይቅ በኪሳራው ዓመት ቢሄድ ማን ያበድረዋል?

ከቅድሚያ ክፍያ ጋር የተያያዘ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ቀብዱ አይመለስም ብለን ተፈራርመናል፣ ስለዚህ ገቢያችን ነው» ይባላል። አይደለም። ቀብድ የማይመለስ መሆኑ ብሩ የእናንተ እጅ ላይ እንደሚቀር ይነግረናል። ሥራውን እንደጨረሳችሁ አይነግረንም። ዴስኩን የማድረስ ግዴታችሁ እስካለ ድረስ ዕዳ ነው፤ በብር ባይሆን በዴስክ የሚከፈል ዕዳ። ደንበኛው ውሉን ትቶ ከሄደና እናንተም ምንም የማድረስ ግዴታ ካልቀረባችሁ፣ ያኔ ገቢ ይሆናል።

አሁን ወደ ሃምሳዎቹ እንመለስ። ዋናው ክርክር እነሱ ላይ ነበር።

ሰኔ 27 ገዢው መሥሪያ ቤት ደወለ። ስሙን አልጠራም፣ እንዲህ የሚያደርገው እሱ ብቻም አይደለም። የመንግሥት በጀት ዓመትም ሰኔ 30 ይዘጋል። በጀቱ ሳያልቅ ወጪውን ማስመዝገብ ፈልገዋል። «ለቀሪዎቹ ለሁሉም ደረሰኝ ቁረጥልን፣ ዕቃው እናንተ ጋ ይቆይ፣ መንገዱም በዝናብ ተበላሽቷል» አሉ። ጋሼ ደስ አላቸው። ደረሰኝ ከተቆረጠ ሽያጭ ነው ብለው ሁሉንም ሰኔ ላይ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ።

ያልተጀመሩት 30ዎቹ ላይ ክርክር አልነበረንም። ያልተሠራ ዴስክ የሚረከብ የለም። ለሌለ ዕቃ ደረሰኝ መቁረጥ ደግሞ ከሂሳብ አያያዝ ጥያቄ ያለፈ ነገር ነው። እምቢ በሉ አልኳቸው፣ አሉም። የተሠሩት 50ዎቹ ግን በእውነት ያከራክራሉ።

አገራችን የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ዓለም አቀፉን የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስን፣ ተቀብላለች። ስለ ገቢ የሚናገረው አይኤፍአርኤስ 15 ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቶ ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ዕቃውን አሁን የሚያዝበት ማን ነው? ቁጥጥሩ ወደ ደንበኛው ከተላለፈ ገቢ ነው፣ ካልተላለፈ አይደለም። ምልክቶቹንም ይነግረናል። ሻጩ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት አግኝቷል ወይ? ባለቤትነቱ ተላልፏል? ዕቃው በደንበኛው እጅ ገብቷል? ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል የሚከስረው ማን ነው? ደንበኛው አይቶ ተቀብሎታል? አንዱ ምልክት ብቻውን አይፈርድም፣ አንድ ላይ ይመዘናሉ። ደረሰኝ መቁረጥ ከምልክቶቹ ውስጥ እንደሌለ ልብ በሉ።

ዕቃው በሻጩ ግቢ ሆኖ ሳለም ሽያጭ ሊሆን የሚችልበት መንገድ አለ። ደረጃው ይፈቅዳል፣ ግን አራት ነገር ይጠይቃል፤ አራቱም መሟላት አለባቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

መጀመሪያ፣ እዚያ የቆየበት እውነተኛ ምክንያት መኖር አለበት፤ ለምሳሌ ደንበኛው ራሱ አቆዩልኝ ብሎ። ይኼ ተሟልቷል ልትሉ ትችላላችሁ፣ ደውለዋልና። ግን የጠየቁት ለበጀት ብለው ነው ወይስ መንገዱ ስለተበላሸ? እኔ በግሌ በስልክ የተባለን አልቀበልም፣ በደብዳቤ ይጻፉ አልኩ። አልጻፉም። ያለ ደብዳቤ ኦዲተር ፊት ምን ይዤ እቀርባለሁ?

ሁለተኛ፣ ዕቃው የደንበኛው መሆኑ ተለይቶ መታወቅ አለበት። ግቢ ሄጄ አየሁ። ሃምሳዎቹ ለሌላ የግል ትምህርት ቤት ከተሠሩ 20 ዴስኮች ጋር ተደበላልቀው ተደርድረዋል። ቀለሙ አንድ፣ ልኩ አንድ። «የኩታበሮቹ የትኞቹ ናቸው?» አልኩ። አንዱ ሠራተኛ «ከዳር ያሉት» አለ። ሌላው «የለም፣ ከኋላ ያሉት» አለ። መልሱን አገኘሁ።

ሦስተኛ፣ ዛሬውኑ ኑና ውሰዱ ቢባል ተጭኖ መሄድ የሚችል መሆን አለበት። ይኼ ተሟልቷል፣ ቀለሙ ደርቋል።

አራተኛ፣ ሻጩ ዕቃውን ለሌላ ሰው መሸጥ ወይም ራሱ መጠቀም መቻል የለበትም። ጋሼን ጠየቅኋቸው፤ «ነገ ጠዋት አንድ ሰው መጥቶ 20 ዴስክ በአስቸኳይ በ4,300 ልግዛ ቢልዎት ምን ያደርጋሉ?» ሳያስቡ መለሱ፤ «ከነዚህ ሰጥቼ ለነዚያ ሌላ እሠራላቸዋለሁ።» ሐቀኛ ሰው ናቸው። በዚያች መልስ ሃምሳው ዴስክ የእሳቸው ሆኖ አደረ።

ኮሚቴው አላያቸውም፣ ሞዴል 19 አልተቆረጠላቸውም። ግቢው በዚያች ሌሊት ቢቃጠል የሚያለቅሱት ጋሼ ናቸው፣ መሥሪያ ቤቱ ሌላ ዴስክ አምጡ ይላል። ስለዚህ ሰኔ 30 ላይ ሃምሳው ክምችት ነው፣ በ150,000 ብር። በ200,000 ብር አይደለም፤ ያላስረከቡትን ትርፍ ዕቃው ላይ መለጠፍ አይቻልም።

ኦዲተር ይኼን እንዴት እንደሚያገኘው ታውቃላችሁ? አስቸጋሪ ነገር አይደለም። ከሰኔ 30 በፊት ያሉትን የመጨረሻዎቹን ጥቂት የሽያጭ ደረሰኞችና ከሐምሌ 1 በኋላ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ያወጣል። እያንዳንዱን ከዕቃ ማስረከቢያውና ከደንበኛው ሞዴል 19 ጋር ያገጣጥማል። ደረሰኙ ሰኔ 28፣ ማስረከቢያው ሐምሌ 15 ከሆነ ተያዛችሁ። ሰኔ ላይ ሽያጩ ድንገት አብጦ ሐምሌ ላይ ደረሰኝ እየተሰረዘ ከሆነም ያው ነው። ባለቤቶችም ራሳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ሰኔ 30 ማታ ግቢያችሁን ዞራችሁ ቁጠሩ። መዝገቡ ተሸጧል የሚለው ዕቃ ዓይናችሁ ሥር ቆሞ ካገኛችሁት አንድ ነገር ተበላሽቷል።

አንዲት እህት እጇን አውጥታለች። ጥያቄዋ ሱቅ ስለሚያከራዩ ነው፤ ተከራይ የስድስት ወር ቀድሞ ቢከፍልስ? እዚያ ቀላል ነው፣ ምክንያቱም ኪራይ እንደ ዴስክ በአንድ ቀን አይተላለፍም፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይተላለፋል። ግንቦት 1 ቀን የስድስት ወር 120,000 ብር ተቀበልሽ እንበል። ሰኔ 30 ላይ ሁለት ወር ሰጥተሻል፤ 40,000 ገቢ፣ 80,000 ዕዳ። ጳጉሜን? (ሳቅ) ጳጉሜን የሚያስከፍል አከራይ ደሴ ውስጥ ካለ እኔን አስተዋውቁኝ። ውሉ በወር ከሆነ ስድስቱ ወር ጥቅምት መጨረሻ ላይ ያልቃል፣ ጳጉሜ በነጻ ያልፋል።

ሌላም ተጠይቋል፤ ታዲያ ካሽ ቤዝስ አይረባም ወይ? ይረባል። የቡና ጀበና ያላት፣ በየቀኑ ሸጣ በየቀኑ የምትገዛ ሴት አክሩዋል ምን ያደርግላታል? ልዩነቱ ቡናውን አያህልም። የፌዴራል መንግሥቱ ራሱ የሚሠራው በተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ ዘዴ ነው፤ ለዚህም ነው ሰኔ ላይ የሚደውሉላችሁ። ለግብር በየትኛው ዘዴ እንደምታሳውቁ ደግሞ በግብር ከፋይ ደረጃችሁ የሚወሰን ስለሆነ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ካሽ ቤዝስ የሚጎዳው ቀብድ የሚቀበለውን፣ ዱቤ የሚሸጠውንና ዕቃ የሚያከማቸውን ነው። እናንተን ማለት ነው።

አክሩዋልም የራሱ ድካም አለበት። ትርፍ እያሳየ ደመወዝ መክፈያ ሊያሳጣ ይችላል። ጋሼ በዚያ ሰኔ 120,000 አትርፈው ለቱቦላሬው ነጋዴ የሚከፍሉት አልነበራቸውም። ለዚህ ነው ደረጃው ከትርፍና ኪሳራው ጎን የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫም ሥሩ የሚለው። ተሰብሳቢ ያልኩት 336,000ም ተሰብስቦ ካላለቀ ቁጥር ብቻ ነው። የማይከፈል ከመሰላችሁ ከላዩ ላይ ቀንሱለት እንጂ ዓመት በዓመት አትሸከሙት።

ሃምሳዎቹስ? ሐምሌ ላይ ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል 30ዎቹም አለቁ። 80ው በሁለት አይሱዙ ተጫኑ። ሐምሌ 15 ከሰዓት ስልኬ ላይ ፎቶ ደረሰኝ፤ ጥግ ጥጉ በዝናብ የራሰ ሞዴል 19፣ ብዛት 80። መዝገቡን ከፍቼ 320,000 ብር ገቢ ጻፍኩ። ከቅድሚያ ክፍያው የቀረችውን 96,000 ከዕዳ መዝገብ አወጣሁ። ቀሪውን 224,000 ተሰብሳቢ ላይ ጨመርኩ። ከዚያ ለጋሼ ደወልኩ። ገና ሰላም ሳልላቸው «ብሩስ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ። ነሐሴ ላይ መጣ።